በጠዋት የታጠበ ጠጉር ከሰዓት በኋላ ለምን ይወዛል?

በጠዋት ታጥቦ የደረቀ ጠጉር ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ሲሆን ቅባት የፈሰሰበት ይመስላል። ግንባር ላይ ይለጠፋል። አናት ላይ ተኝቶ ያብለጨልጫል። ያየ ሰው «ይህ ሰው ራሱን አይታጠብም እንዴ?» ይላል። ባለቤቱ ግን ታጥቧል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ ሁሉ የበለጠ የሚታጠበው እሱ ነው። ታዲያ ወዙ ከየት መጣ? በዚህ ሳምንት የምናወራው ስለዚሁ ነው።

እስቲ አንዲት የጠጉር ዘለላ ብቻ እንውሰድ። ጠጉር የሚበቅለው በራስ ቆዳ ውስጥ ካለች ጠባብ ጉድጓድ ነው። በጉድጓዷ ጎን በዓይን የማትታይ ትንሽ ከረጢት አለች። የወዝ ዕጢ ትባላለች። ሥራዋ ቅባት መሥራት ነው። የሠራችውን ቅባት ወደ ጉድጓዷ ታፈስሳለች፤ ቅባቱም በጠጉሩ ሥር በኩል ወጥቶ ቆዳው ላይ ይደርሳል። ይህን ቅባት ነው ወዝ የምንለው። ላብ ሌላ ነው። ላብ የሚወጣው ከሌላ ዕጢ ነው፤ ውሃና ጨው ነው እንጂ ቅባት አይደለም።

በሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጠጉር አለ። ከየሥሩ የሚወጣው ወዝ ጥቂት ነው፤ ሲጠራቀም ግን ይታያል። ዕጢዋ ሌሊት ስንተኛም አትተኛም። ደግሞም ወዝ ጠላታችን አይደለም። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ፣ ጠጉሩም ደርቆ እንዳይሰበር ይጠብቃል። ችግሩ ሲበዛና ያለ ቦታው ሲሄድ ነው።

ለምን ከሰዓት በኋላ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቅቤን ያስብ። በጠዋት ብርድ ቅቤ በቅል ውስጥ ደርቆ ይቀመጣል። ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ከዚያም ይፈስሳል። ወዝም እንደዚሁ ነው። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወዙ ጥቂት ነው፤ ረጋ ብሎም ከሥሩ አጠገብ ይቆያል። ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናትን ያሞቃል። ሻሽ ወይም ባርኔጣ ካለ ሙቀቱ ይታፈናል። ያን ጊዜ ወዙ ይቀጥንና ከአንዱ ጠጉር ወደ ሌላው ይሄዳል። ላብ ሲጨመርበት ጠጉሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የምናየው የጠዋቱ ወዝ ከቀኑ ወዝ ጋር ተደምሮ፣ ቀልጦና ተሰራጭቶ ነው።

እዚህ ላይ የጠጉር ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ሉጫ ጠጉር ቀጥ ያለ ስለሆነ ወዙ ያለ ችግር ከሥር ወደ ጫፍ ይወርዳል። ቶሎ ወዝቶ የሚታየው እሱ ነው። ከርዳዳ ጠጉር ግን ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ወዙ በየመጠምዘዣው ይቀራል እንጂ ጫፍ አይደርስም። ከርዳዳ ጠጉር ያለው ሰው ሥሩ ወዝቶ ጫፉ የሚደርቅበት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር አይሰጥም። ዛሬ በብዛት የምንናገረው ስለ ሉጫውና ስለ ለስላሳው ነው፤ ወደ ከርዳዳው በኋላ እንመለሳለን።

አንድ የተሳሳተ አነጋገር አለ። «ራስህን ባጠብክ ቁጥር ወዙ ይብሳል፤ ዕጢው የጎደለውን ሊሞላ ይተጋል» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዕጢዋ በውጭ ያለውን ወዝ አትቆጥርም። የምትታዘዘው በደማችን ውስጥ ለሚመላለስ ሆርሞን ለሚባል ነገር ነው። ለዚህም ነው ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ፊቱም ራሱም መውዛት የሚጀምረው፤ ሰው ሲያረጅ ደግሞ የሚቀንሰው። መታጠብ ያለውን ወዝ ያነሣል እንጂ አዲሱን አይጠራም። ይሁን እንጂ ክፉኛ መታጠብ ሌላ ጉዳት አለው፤ ቆዳውን ያደርቃል፣ ያሳክካል። ያሳከከው ሰው ደግሞ እጁን ከራሱ ላይ አያነሣም።

አሁን አንዲት እናት ያጋጠማትን እንንገራችሁ። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ጠጉሯ ሉጫ ነው። የማታ ትምህርት ስትመጣ ሻሿን አጥብቃ ታስር ነበር። ቢሞቃትም አትፈታም። አንድ ቀን ጎረቤቷ የሆኑ ባልቴት «ልጄ፣ ውሃ አጥተሽ ነው እንዴ? ራስሽ እኮ ቅቤ የፈሰሰበት መሰለ» አሏት። እሷ ግን በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ትታጠብ ነበር። ውሃው ከጉድጓድ ይቀዳል፤ መንገዱ ሩቅ ነው። በየቀኑ 4 ሊትር ራሷ ላይ ታፈስስ ነበር፤ በሳምንት 28 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሞልቶ 8 ሊትር ይተርፋል። ይህን ሁሉ ተሸክማ አምጥታ፣ «አትታጠብም» ተባለች። ቢከፋት አይፈረድባትም።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር አገኘቻት።

«እትዬ፣ ጠዋት ከታጠቡ በኋላ እስከ ማታ ምን ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምን አደርጋለሁ እህቴ፤ አበጥራለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ከብት አያለሁ።»

«ሲያበጥሩስ?»

«እንዲተኛልኝ ብዬ ደጋግሜ ነዋ። ከሥር እስከ ጫፍ፣ ክንዴ እስኪዝል።»

«ሻሹስ ከታጠበ ስንት ቀን ሆነው?»

እናትየዋ ሳቀች። ሻሹ ከበዓል ወዲህ አልታጠበም። ለበዓል ቅቤ ተቀብታ ያሰረችው ያንኑ ሻሽ ነበር።

ልጅቷ ወዲያው ምክር አልሰጠችም። አስቀድማ ወዙ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ፈለገች። ዘዴዋ ቀላል ስለሆነ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ቀጭን ወረቀት ያዙ። ያነበባችሁት የዚህ ጋዜጣ ጠርዝም ይሆናል። አራት ቁራጭ አድርጋችሁ ቅደዱት። አንዱን ግንባር ላይ ባለው ጠጉር፣ ሁለተኛውን አናት ላይ ጠጉሩን ከፍላችሁ በሥሩ፣ ሦስተኛውን በማጅራት በኩል ሻሹ በሚታሰርበት፣ አራተኛውን በጫፉ ላይ ጫን አድርጉ። አሥር እስክትቆጥሩ ያዙት። የትኛው የት እንደነበረ እንዳይጠፋችሁ ቁጥር ጻፉበት። ከዚያም ወረቀቶቹን ጥላ ሥር አስቀምጡና እስኪደርቁ ጠብቁ። የላብ እርጥበት ደርቆ ይጠፋል። የቅባት ነጠብጣብ ግን አይጠፋም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ብርሃን ያሳልፋል። አንድ ጊዜ በጠዋት 3 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ በቀኑ 9 ሰዓት አድርጉት።

ወዙ የራስ ብቻ ከሆነ ብዙውን የሚያሳየው የአናቱ ሥር ነው። በእናትየዋ ላይ ግን በጠዋት 3 ሰዓት የአናቱ ወረቀት ትንሽ ብቻ ነካ ያለ ነበር። የግንባሩና የማጅራቱ ወረቀት ግን ቁልጭ ያለ ነጠብጣብ አወጡ። ታጥባ ገና ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆኗት! የራስ ዕጢ በጥቂት ሰዓት ይህን ያህል አይሠራም። የማጅራቱ ከሻሹ የመጣ የበዓል ቅቤ ነው። የግንባሩ ደግሞ ከእጇ ነው። ወጥ ስታቁላላ ጢሱ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ በእጇ ጠጉሯን ወደ ኋላ ትመልሳለች። እጇ ላይ ያለው ዘይትና የወጥ ቅባት ግንባሯ ላይ ያርፋል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታደርገው ራሷም አታውቅም ነበር። ሰው እጁን አይቆጥርም። በተጨማሪም ከግንባሯ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እዚያው የተኛውን ጠጉር ያረጥበዋል።

ሚዶዋም ታየ። በጥርሶቹ መሐል ግራጫ ነገር ተጣብቋል። ይህ የቆየ ወዝ፣ የተሰበረ ቆዳና አቧራ ነው። ንጹሕ ጠጉር በእንዲህ ያለ ሚዶ ሲበጠር ትናንት የወጣው ወዝ ዛሬ ተመልሶ ይገባል። አበጣጠሯም አባባሰው። ሉጫ ጠጉር ከሥር ወደ ጫፍ በተበጠረ ቁጥር ሚዶው ወዙን ከቆዳው እየጎተተ ያወርደዋል። ጥቂት ቢሆን ደግ ነው፤ ጫፉ አይደርቅም። ሃምሳ ጊዜ ሲሆን ግን በሥሩ ተደብቆ ሊውል የሚችለውን ወዝ ሁሉ ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

የመጨረሻው ነገር ውሃው ነው። ልጅቷ የጉድጓዱን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳች። ከሳሙናው ትንሽ ፋቅ አድርጋ ጨመረችና መታችው። አረፋ አላወጣም። እንደ እርጎ የተቆራረጠ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። ከጣራ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ በሌላ ብርጭቆ ስትሞክር ግን አረፋው ሞላ። የጉድጓዱ ውሃ ከድንጋይ የሟሟ የኖራ ዓይነት ማዕድን አለበት። ማዕድኑ ከሳሙናው ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ዝቃጩ ጠጉር ላይ ይለጠፋል። እጅ ሲነካው ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ለዓይንም ወዝ ይመስላል። እናትየዋ ባልታጠበችበት ወዝ ብቻ ሳይሆን በታጠበችበት ሳሙናም ትቸገር ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ወዙ አልለቀቀም ብሎ ሳሙና ይጨምራል፤ ሳሙና በጨመረ ቁጥር ዝቃጩ ይበዛል።

ማስተካከሉ በአንድ ቀን አልሆነም፤ እንዲሆንም አልተፈለገም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የቱ እንደጠቀመ አይታወቅም። በመጀመሪያው ሳምንት አስተጣጠቧን ሳትለውጥ ሻሿን፣ የትራሷን ጨርቅና ሚዶዋን ብቻ አጠበች። ሻሹ ቅቤ ስለነበረበት በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል እንጂ አይለቅም። ሚዶውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ በጥርሶቹ መሐል በቀጭን እንጨት ፋቀችው። ወጥ ስትሠራ ጠጉሯን አስቀድማ ወደ ኋላ አስራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። እጇን ታጥባ ሳታደርቅ ራሷን አትነካም። ጠጉሯን የምታበጥረው ጠዋትና ማታ ሆነ፤ መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ መሐሉን፣ በመጨረሻ ሥሩን። ሲፈታታ ታቆማለች። በሳምንቱ መጨረሻ የማጅራቱ ወረቀት ነጭ ሆነ። የግንባሩ ቀነሰ። የሰም ስሜቱ ግን ነበረ።

በሁለተኛው ሳምንት አስተጣጠቧ ተለወጠ። በየቀኑ በ4 ሊትር ከመጥረግ ይልቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በ10 ሊትር በደንብ መታጠብ ያዘች። በሳምንት 20 ሊትር መሆኑ ነው፤ ከበፊቱ 8 ሊትር ያንሳል። አደራረጓ እንዲህ ነው። ጠጉሩን ደረቁን ፈታ አድርጋ ታበጥራለች። ለብ ባለ ውሃ እስከ ሥሩ ታርሰዋለች። ሳሙናውን ራሷ ላይ አትፈትግም፤ እጇ ላይ አረፋ ታወጣና አረፋውን ወደ ቆዳው ትወስዳለች። ወዙ የሚወጣው ከቆዳው ነውና የሚታሸውም ቆዳው ነው። በጣቷ ጫፍ ሥጋ እንጂ በጥፍሯ አትፍቅም። እስከ 60 ትቆጥራለች። ጫፉ በሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ከዚያ ታለቀልቃለች። ሁለተኛ ጊዜ በጥቂት ሳሙና ትደግመዋለች። የመጀመሪያው ወዙን ያለሰልሳል፤ ቆርጦ የሚያነሣው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው አረፋ ከመጀመሪያው በልጦ ከተነሣ ወዙ ለቋል ማለት ነው።

ከአሥሩ ሊትር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለማለቅለቂያ ታስቀምጣለች። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ ለሳሙናው ውሃ እናፈስሳለን፣ ለማለቅለቂያ ሲሆን እንሰስታለን። የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል፣ ጠጉሩም በጣት ሲያዝ ማሟለጨቱን እስኪተው ይታጠባል። የዝናብ ውሃ ባለ ጊዜ ለራስ የምታስቀምጠው እሱን ነው። በበጋ ከጉድጓዱ ውጭ ሌላ ስለሌለ የአንድ ሎሚ ጭማቂ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ ከሳሙናው በኋላ ታፈስሰዋለች። ሎሚው ዝቃጩን ያላቅቃል። ወዲያው ግን በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሎሚ ዓይን ያቃጥላል፤ የቆሰለ ቆዳንም ይለበልባል። የሎሚ ጭማቂ ያረፈበት ቆዳ ሳይታጠብ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ሊቋጥርና ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ ግንባርና አንገት እጅም ጭምር ይታጠቡ። ሻምፑ መግዛት ለሚችል ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ሻምፑ በእንዲህ ያለ ውሃ ዝቃጭ አያበጅም።

ሰዓቱንም ለወጠች። ማታ የታጠበ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወዝ ሲያጠራቅም ያድራል። ትምህርት ባለበት ቀን ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል መታጠብ ጀመረች። ሳይደርቅ አታስረውም። እርጥብ ጠጉር በሻሽ ሲታፈን ቆዳው ይሸታል፣ ያሳክካልም።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ተሞከረ። በታጠበችበት ቀን በ9 ሰዓት የግንባሩ ወረቀት ነጭ ነበር፤ የአናቱ ሥር ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ አወጣ። በማግሥቱ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ጠጉሯ ወዘወዘ። ይህ የራሷ ወዝ ነው፤ የሚያስቀረው ዘዴ የለም፤ መታጠቢያዋ ደርሷል ማለት ነው። ባልቴቷ ጎረቤቷ ማታ ሻሿን ፈትታ ሲያዩዋት «እንዴ፣ ጠጉርሽ እንዲህ ያምር ነበር እንዴ!» አሏት። አሁን ትምህርት ቤት የምትቀመጠው ራሷን ገልጣ ነው።

ከርዳዳ ጠጉር ያላችሁ ይህን እንዳለ አትቅዱት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃዋል። ማበጠሩ እርጥብ ሳለ፣ ሰፋፊ ጥርስ ባለው ሚዶ ይሁን። ሹሩባ የተሠራ ራስ ሳይፈታም ይታጠባል፤ በመስመሮቹ መሐል ያለውን ቆዳ በአረፋ በጣት እያሹ ማለቅለቅ ነው። ቅቤም ለከርዳዳ ጠጉር እንዳይሰበር ይረዳዋል። ነገር ግን መቀባት ያለበት የደረቀው ጫፉና መሐሉ ነው፤ አናት ላይ የተለጠፈ ቅቤ ቀትር ላይ ግንባር ላይ ይወርዳል። ለሉጫ ጠጉር ቅቤ እምብዛም አይጠቅምም ባዮች ነን። በዓል ሲሆን ግን ማን ይከለክላል!

ወዝ ያስለቅቃል ብለው ላምባ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ፈጽሞ አታድርጉት። ከምድጃ የተፈነጠረ አንድ ፍም ራስን ያነድዳል። ቆዳንም ይልጣል።

ወዙ ከቢጫ ቅርፊት ጋር ከመጣና ካሳከከ ፎሮፎር ሊሆን ይችላል፤ መታጠብ ብቻውን ካልበቃ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ መድኃኒት አለው። ጠጉር በክብ በክብ ከረገፈ፣ ቆዳው ከቆሰለ ወይም መግል ከያዘ ጭርት ወይም ሌላ በሽታ ነው። በተለይ ልጆች ላይ ሲታይ ሚዶና ሻሽ አያዋሱ፤ ሳይቆይ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።

ለበዓል ቅቤ ተቀብታችሁ ለማስለቀቅ ስትፈልጉ በቀዝቃዛ ውሃ አትጀምሩ። ውሃው እጅ የማያቃጥል ሙቅ ይሁን። በመጀመሪያ በደረቅ አሮጌ ጨርቅ የሚጠረገውን ጥረጉ። ከዚያ አረፋውን ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግሙ። ሻሹንም በዚያው ቀን እጠቡት፤ ለቅቤ ቀን አንድ አሮጌ ሻሽ ለብቻ ብትለዩ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።